60 በመቶ የደረሰው ሳህን ስንት በመቶ ወጪ ተሸክሟል?

ጥያቄ፦ «የሴራሚክ ሳህን እናመርታለን። ሂሳቡን የምሠራው በፕሮሰስ ኮስቲንግ፣ በዌይትድ አቨሬጅ ዘዴ ነው። ወር ሲዘጋ የምርት ኃላፊው 'ያላለቀው 6,000 ሳህን በአማካይ 60 በመቶ ደርሷል' ይለኛል፤ እኔም ለጉልበቱም ለኦቨርሄዱም 60 በመቶ እይዛለሁ። ግን ትልቁ ወጪያችን የሚወጣው መጨረሻ ላይ ምድጃው ውስጥ ነው። 60 በመቶው ልክ ነው? ካልሆነ በምን ልተካው? ከባለፈው ወር የዞረው ምርት መቶኛስ የት ይገባል?»

ምላሽ፦

ልክ አይደለም። ኃላፊው ግን አልተሳሳቱም፤ የነገሩዎት የጊዜውን ነው። ሳህኑ ለማለቅ ከሚፈጅበት ቀን ምን ያህሉን ጨርሷል ተብለው ቢጠየቁ 60 በመቶ ማለታቸው ትክክል ሊሆን ይችላል። ለኢኩቫለንት ዩኒት፣ ማለትም ለአቻ አሃድ ስሌት የሚያስፈልገው ግን ሌላ መልስ ነው፦ ሳህኑ አሁን ካለበት ቦታ እስኪደርስ ድረስ አንድ ያለቀ ሳህን ከሚሸከመው ወጪ ስንት እጁን ተሸክሟል? ወጪው ከቀን ቀን እኩል የሚፈስ ቢሆን ሁለቱ መልሶች አንድ ይሆኑ ነበር። በሴራሚክ ሥራ ግን በጣም ይራራቃሉ። ሳህኑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ለቀናት ሲደርቅ ማንም አይነካውም፣ የሚበላው ወጪም ትንሽ ነው። ምድጃ ከገባ በኋላ ደግሞ በአጭር ጊዜ ውስጥ የኦቨርሄዱን አብዛኛውን ክፍል ይወስዳል።

ስለዚህ 60 በመቶውን በሌላ አንድ ቁጥር መተካት አይበቃም። ጉልበትና ኦቨርሄድ ተለያይተው ለየብቻቸው አቻ አሃድ ይሠራላቸው፤ ያላለቀውም ምርት በጅምላ መሆኑ ቀርቶ ባለበት ደረጃ ይቆጠር። እንዴት እንደሚሆን በአንድ ወር ሂሳብ ላሳይ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ ያዘጋጀኋቸው ስለሆኑ በእርስዎ ቁጥሮች ይተኳቸው።

መጀመሪያ የደረጃዎች ሰንጠረዥ

ሥራው አራት ደረጃ አለው እንበል፦ ቅርጽ ማውጣት 1 ቀን፣ ማድረቅ 4 ቀን፣ ግሌዝ መቀባት 1 ቀን፣ ምድጃ 2 ቀን፤ በጠቅላላ 8 ቀን። ለአንድ ሳህን በዕቅድ የተያዘው የጉልበት ወጪ 6.00 ብር፣ ኦቨርሄዱ 10.00 ብር ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ከዚህ የሚወስደው እንዲህ ይሁን፦

| ደረጃ | ጉልበት (ብር) | እስከዚህ የተጠራቀመ | ኦቨርሄድ (ብር) | እስከዚህ የተጠራቀመ |
|---|---|---|---|---|
| ቅርጽ ማውጣት | 3.00 | 50% | 1.00 | 10% |
| ማድረቅ | 0.30 | 55% | 0.80 | 18% |
| ግሌዝ መቀባት | 2.10 | 90% | 0.70 | 25% |
| ምድጃ | 0.60 | 100% | 7.50 | 100% |

ደርቆ ያለቀ ሳህን ከ8 ቀኑ 5ቱን ጨርሷል፤ በጊዜ ሲለካ 62.5 በመቶ ደርሷል ማለት ነው። ከጉልበቱ ግን የተሸከመው 55 በመቶ፣ ከኦቨርሄዱ ደግሞ 18 በመቶ ብቻ ነው። የጥያቄዎ ፍሬ ነገር እዚህ መስመር ላይ ነው። ለሁለቱም 60 በመቶ ሲይዙ ጉልበቱ ላይ ብዙም አይርቁ ይሆናል፤ ኦቨርሄዱ ላይ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ያጋንናሉ።

ሰንጠረዡን ለማዘጋጀት አዲስ ጥናት አያስፈልግም። የጉልበቱ ክፍል ከሥራ ሰዓት መዝገብ ይገኛል። የኦቨርሄዱን ክፍል ለማግኘት ወጪዎቹን አንድ በአንድ እያዩ የየትኛው ደረጃ እንደሆኑ ይለዩ። የምድጃው ነዳጅ ወይም መብራት፣ የምድጃው እርጅና ቅናሽና ጥገና በቀጥታ የምድጃው ናቸው። የቅርጽ ማውጫ ማሽኖቹም ወጪ የራሱ ቦታ አለው። የሕንፃውና የተቆጣጣሪዎቹ ወጪ ደግሞ ወለል ስፋትን ወይም ሰዓትን በመሰለ ምክንያታዊ መለኪያ ይከፋፈላል። ዓመታዊ ዕቅዱ ሲሠራ አንዴ አዘጋጅተው የምርት አሠራሩ እስኪለወጥ ድረስ ይጠቀሙበታል።

ከመቀጠልዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ኦቨርሄዱ ወደ ምርቱ የሚጫነው በምን መሠረት ነው? በቀጥተኛ የጉልበት ሰዓት በአንድ የፋብሪካ ተመን የምትጭኑ ከሆነ ኦቨርሄዱ በመጽሐፉ ላይ ጉልበቱን ተከትሎ ነው የሚፈሰው። ጉልበቱ 55 በመቶ ከደረሰ የተጫነውም ኦቨርሄድ 55 በመቶ ነው። እንዲህ ባለ አሠራር ለኦቨርሄድ ብቻ 18 በመቶ ብትይዙ አቻ አሃዱና የተመዘገበው ወጪ አይገናኙም። ችግሩ ከመቶኛው በፊት ተመኑ ላይ ነው፤ የምድጃ ወጪን በጉልበት ሰዓት መጫን ገና ምድጃ ያላየ ሳህን የምድጃ ወጪ እንዲሸከም ያደርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለምድጃው የራሱን ተመን ይስጡት፣ ለምሳሌ በምድጃ ሰዓት ወይም በአንድ ሙሌት። ከዚያ በኋላ ነው ከላይ ያለው ሰንጠረዥ ትርጉም የሚኖረው። ከዚህ በታች የምድጃው ወጪ በራሱ ተመን የሚጫን መሆኑን ይዤ እቀጥላለሁ።

ቆጠራው

በወሩ መጀመሪያ 3,000 ያላለቀ ሳህን ነበር፤ 21,000 አዲስ ተጀመረ። ተጠናቆ ወደ ያለቀ ዕቃ መጋዘን የተላለፈው 18,000 ነው። ስለዚህ 6,000 ሳይልቅ ቀርቷል። መጀመሪያ ይህ የቁጥር ሚዛን መግጠም አለበት፤ 3,000 እና 21,000 ሲደመሩ 24,000፣ 18,000 እና 6,000 ሲደመሩም 24,000። ተሰብሮ የተጣለ ሳህን የለም ብለን እንነሳ።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ወለሉ ላይ ሲዞሩ ኃላፊውን የሚጠይቋቸው «ስንት በመቶ ደርሷል?» ብለው ሳይሆን «የቱ ጋ ስንት አለ?» ብለው ይሁን። ለሁለተኛው ጥያቄ ማንም ሰው ቆጥሮ መልስ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ግን ግምት ነው። መልሱ እንዲህ መጣ እንበል፦ 3,000 ሳህን ማድረቂያ መደርደሪያ ላይ በግማሽ ጊዜው አለ፣ 2,000 ግሌዝ ተቀብቶ ምድጃ ይጠብቃል፣ 1,000 ምድጃ ውስጥ ነው።

ማድረቂያ ላይ ያለው 3,000 ቅርጽ ማውጣቱን ጨርሷል፣ ማድረቁን ግማሽ ሄዷል። ጉልበቱ 50 በመቶ ላይ የ5 በመቶ ግማሽ ሲጨመር 52.5 በመቶ ይሆናል። ኦቨርሄዱ 10 በመቶ ላይ የ8 በመቶ ግማሽ ሲጨመር 14 በመቶ ነው። ግሌዝ የተቀባው 2,000 በቀጥታ ከሰንጠረዡ ይነበባል፤ ጉልበት 90፣ ኦቨርሄድ 25 በመቶ።

ምድጃ ውስጥ ያለው 1,000 ትንሽ ማሰብ ይፈልጋል። የምድጃው ጉልበት ማስገባትና ማውጣት ነው፤ ማስገባቱ አልቋል፣ ማውጣቱ ቀርቷል፣ ስለዚህ ግማሹ። ያ ሲደመር ጉልበቱ 95 በመቶ ይሆናል። የምድጃውን ኦቨርሄድ ግን በሰዓት አይለኩት። ምድጃው ሲግል ነዳጅ ይበላል፣ ሲቀዘቅዝ ግን የሚበላው የለም ማለት ይቻላል፤ ማቀዝቀዙ ደግሞ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ የነዳጅ ቆጣሪውን ያንብቡና ከአንድ ሙሌት የተለመደ ፍጆታ ጋር ያስተያዩት። ቆጣሪው ከተለመደው 60 በመቶ ላይ ከሆነ፣ እርጅናውና ጥገናው ከነዳጁ ጋር አብረው እንደሚሄዱ ቆጥረን፣ 25 ላይ የ75 በመቶ 60 በመቶ፣ ማለትም 45 ስንጨምር 70 በመቶ ይመጣል።

| ያለበት ቦታ | ሳህን | ጉልበት % | አቻ አሃድ | ኦቨርሄድ % | አቻ አሃድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ማድረቂያ | 3,000 | 52.5 | 1,575 | 14 | 420 |
| ምድጃ የሚጠብቅ | 2,000 | 90 | 1,800 | 25 | 500 |
| ምድጃ ውስጥ | 1,000 | 95 | 950 | 70 | 700 |
| ድምር | 6,000 | | 4,325 | | 1,620 |

በሰንጠረዥ ፕሮግራም ከሠሩት ቁጥሩን ዓምድ B፣ የጉልበት መቶኛውን ዓምድ C፣ የኦቨርሄዱን ዓምድ D ላይ አድርገው፣ መቶኛዎቹንም ከ% ምልክታቸው ጋር አስገብተው እንዲህ ይጻፉ፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B4, C2:C4)
=SUMPRODUCT(B2:B4, D2:D4)
```

መቶኛዎቹን ቀላል አማካይ (AVERAGE) አድርገው በ6,000 የማባዛት ፈተና እዚህ ጋ ይመጣል። የጉልበቱ 52.5፣ 90 እና 95 ቀላል አማካይ 79.2 በመቶ ነው። ትክክለኛው ግን 4,325 ለ6,000 ሲካፈል 72.1 በመቶ ነው፤ ምክንያቱም ከሳህኑ ግማሹ ያለው ዝቅተኛው መቶኛ ላይ ነው።

ጥሬ ዕቃው ቀላል ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ሸክላው ሥራው ሲጀመር ስለሚገባ ለ6,000ውም 100 በመቶ ነው። ግሌዙ የሚገባው በሦስተኛው ደረጃ ስለሆነ ማድረቂያ ላይ ላለው ዜሮ፣ ለቀሪው 3,000 መቶ በመቶ ነው። ግሌዝ የተቀባው ገና አልተቃጠለም ብለው ለግሌዙ ከመቶ በታች እንዳይሰጡ፤ ጥሬ ዕቃ ወይ ገብቷል ወይ አልገባም።

የመክፈቻው መቶኛ የት ይገባል?

የትም አይገባም። በዌይትድ አቨሬጅ የወሩ አቻ አሃድ ማለት ያለቀውና የተላለፈው በሙሉ፣ ሲደመር በመዝጊያው ያላለቀው አቻ አሃድ ነው። ከ18,000ው ውስጥ 3,000ው ባለፈው ወር መጀመሩ አይቆጠርም፤ ሁሉም 100 በመቶ ነው። የመክፈቻውን መቶኛ የሚፈልገው ፊፎ፣ ማለትም መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል የሚለው ዘዴ ነው፤ ፊፎ በዚህ ወር የተሠራውን ብቻ ለይቶ ስለሚቆጥር ባለፈው ወር የተሠራውን መቀነስ አለበት። ዌይትድ አቨሬጅ የባለፈውን ወር ሥራ ስለማይቀንስ የባለፈውን ወር ወጪም አይቀንስም፤ አካፋዩ ቁጥር ሁለቱን ወር ከያዘ ተካፋዩ ብርም ሁለቱን ወር መያዝ አለበት። ሁለቱን ዘዴዎች መቀላቀል፣ ማለትም የመክፈቻውን ወጪ ደምሮ የመክፈቻውን አቻ አሃድ መቀነስ፣ የአሃዱን ዋጋ ያለ ምክንያት ያንራል።

አካፋዮቹ እንግዲህ እነዚህ ናቸው፦ ለሸክላ 18,000 ሲደመር 6,000፣ 24,000፤ ለግሌዝ 21,000፤ ለጉልበት 22,325፤ ለኦቨርሄድ 19,620።

ብሩ

| የወጪ ዓይነት | ከመክፈቻ | የወሩ | ድምር | አቻ አሃድ | ለአንድ አሃድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሸክላ | 12,000 | 86,400 | 98,400 | 24,000 | 4.10 |
| ግሌዝ | 2,200 | 44,000 | 46,200 | 21,000 | 2.20 |
| ጉልበት | 11,715 | 126,700 | 138,415 | 22,325 | 6.20 |
| ኦቨርሄድ | 5,510 | 200,500 | 206,010 | 19,620 | 10.50 |
| ድምር | 31,425 | 457,600 | 489,025 | | 23.00 |

ያለቀው 18,000 በ23.00 ሲባዛ 414,000 ብር ይዞ ይወጣል። የቀረው 6,000 በየወጪው ዓይነት ለየብቻ ይሰላል፦ ሸክላ 24,600፣ ግሌዝ 6,600፣ ጉልበት 4,325 በ6.20 ሲባዛ 26,815፣ ኦቨርሄድ 1,620 በ10.50 ሲባዛ 17,010። ድምሩ 75,025 ብር። 414,000 እና 75,025 ሲደመሩ 489,025 ይመጣል፤ ያስገቡት ወጪ በሙሉ ወጥቷል ማለት ነው። ግን ይህ መግጠም መቶኛው ልክ መሆኑን አያሳይም። ማንኛውንም መቶኛ ቢያስገቡ ይገጥማል፤ የሚለወጠው ያለቀውና ያላለቀው የሚካፈሉት ድርሻ ብቻ ነው።

አሁን ያንኑ ወር በ60 በመቶ እንሥራው። የኮንቨርዥን ወጪው፣ ማለትም ጉልበትና ኦቨርሄዱ፣ በአንድ ላይ 344,425 ብር ነው። አቻ አሃዱ 18,000 ሲደመር 3,600፣ 21,600 ይሆናል፤ ለአንድ አሃድ 15.95 ብር ገደማ። በመዝጊያው ያላለቀው የሚሸከመው የኮንቨርዥን ወጪ 57,404 ብር ይመጣል። ትክክለኛው ግን 26,815 እና 17,010 ተደምሮ 43,825 ነው። ልዩነቱ 13,579 ብር ነው፤ ይህ ገንዘብ ወደ ተሸጠው ዕቃ ወጪ መግባት ሲገባው ባልተሠራ የምድጃ ሥራ ስም እንደ ንብረት ተቀምጧል። ያለቀው ሳህን ከተሸጠ የወሩ ትርፍ በዚያው ልክ ተነፍቷል።

ጉልበትና ኦቨርሄድን መለየት የማይችሉበት ሁኔታ ካለ፣ ለምሳሌ ሶፍትዌሩ የሚቀበለው አንድ የኮንቨርዥን መቶኛ ብቻ ከሆነ፣ ቢያንስ መቶኛውን በወጪ ይመዝኑት። 4,325 በ6.00፣ 1,620 በ10.00 አባዝተው ሲደምሩት 42,150 ይሆናል፤ በ16.00 ሲካፈል 2,634 አቻ አሃድ፣ ማለትም 43.9 በመቶ ነው። በዚህ ሲሰላ ያላለቀው የሚሸከመው የኮንቨርዥን ወጪ 43,970 ብር አካባቢ ይመጣል፤ ከትክክለኛው የሚርቀው በ150 ብር ገደማ ብቻ ነው። እኔ ሁለቱን መለየትን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የጉልበት ተመን በሚጨምርበትና ነዳጅ በማይጨምርበት ወር፣ ወይም በተቃራኒው፣ ይህ ልዩነት ይሰፋል። ግን በ60 በመቶ ከመቀጠል ይህ እጅግ ይሻላል። የጉልበቱን 72.1 እና የኦቨርሄዱን 27 ደምሮ ለሁለት ማካፈል ግን ተመሳሳይ አይደለም፤ 49.5 በመቶ ይሰጣል፣ ከፍተኛውን ወጪ የያዘው ኦቨርሄድ መሆኑን ይረሳል።

ትክክለኛነቱን የት ላይ ያውሉት?

ሁሉም ግምት እኩል ክብደት የለውም። ማድረቂያ ላይ ያለው 3,000 ግማሽ ደርቋል ስንል ተሳስተን፣ በእርግጥ ጨርሶ ደርቆ ቢሆን፣ ጉልበቱ 55፣ ኦቨርሄዱ 18 በመቶ ይሆን ነበር። ሂሳቡን ደግመው ቢሠሩት በመዝጊያው ያላለቀው ወጪ የሚጨምረው 1,520 ብር ገደማ ነው። በአንጻሩ ምድጃ የሚጠብቀው 2,000 ተቃጥሎ ያለቀ ግን ገና ያልተላለፈ ተብሎ በስህተት ቢቆጠር፣ የኦቨርሄዱ አቻ አሃድ በ1,500 ያድጋል፤ ለአንድ አሃድ የሚደርሰው ኦቨርሄድ ከ10.50 ወደ 9.75 ይወርዳል፤ ያላለቀው የሚሸከመው ኦቨርሄድም ከ17,010 ወደ 30,433 ይዘላል። አንድ የቦታ ስህተት 13,423 ብር ያንቀሳቅሳል፤ በ60 በመቶው ከመጣው ስህተት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የማድረቂያውን መቶኛ ለማጥራት አይድከሙ። ወር የሚዘጋበት ቀን የሚያስፈልገው ትጋት የምድጃው በር ላይ ነው፦ የገባው፣ ያልገባው፣ የወጣው። ምድጃው የሚሞላበት ቅጽ ሰዓት ይኑረው፣ ከቆጠራው ጋርም ይመሳከር። ከምድጃ ወጥቶ ምርመራ የሚጠብቅ ሳህን ካለም ለብቻው ይቆጠር፤ መጽሐፉ ላይ ያላለቀ ቢባልም በኦቨርሄድ 100 በመቶ ነው። ምድጃ ከሚጠብቀው ጋር አንድ ላይ ከተደመረ ከላይ ያለው ስህተት በተቃራኒ አቅጣጫ ይደገማል።

ስህተቱ ውስጥ መኖሩን በምን ያውቃሉ?

የአንድ አሃድ ኦቨርሄድን ከወር ወር ያስተያዩ። የነዳጅ ዋጋና የምርት መጠን ብዙም ሳይለዋወጡ፣ ያላለቀው ምርት በበዛበት ወር የአሃዱ ወጪ የሚወርድ፣ በሚቀጥለው ወር ያላለቀው ሲቀንስ ደግሞ የሚወጣ ከሆነ፣ መቶኛው ተጋንኗል ማለት ነው። ያላለቀው ሲበዛ በተጋነነው መቶኛ ምክንያት አካፋዩ ይነፋል፤ ዋጋው ይወርዳል። በሚቀጥለው ወር የተጋነነው ወጪ ከመክፈቻው ጋር ዞሮ ተካፋዩ ላይ ይደመራል፣ አካፋዩ ግን እንደ ባለፈው አይነፋም፤ ዋጋው ይወጣል። መቶኛው ያነሰ ሲሆን ነገሩ ተገልብጦ ይታያል። ለኦቨርሄዱ ብቻ ይህ ከታየና ለጉልበቱ ካልታየ፣ ሁለቱን በአንድ መቶኛ መለካት እንደሆነ መንስኤው መገመት አይከብድም።

ዋጋው የሚዋዥቅበት ሌላ ምክንያትም ስላለ ይህን ምልክት ከማንበብዎ በፊት ያንን ያጥሩ። ምድጃው ለሁለት ሳምንት ቆሞ ከነበረ የእርጅናው ወጪ በትንሽ ሳህን ላይ ይወድቃል። በዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ፣ በአይ ኤ ኤስ 2 መሠረት ቋሚ ኦቨርሄድ የሚጫነው በመደበኛ የማምረት አቅም ተሰልቶ ነው፤ በምርት ማነስ ምክንያት ያልተጫነው በወሩ ወጪ ተደርጎ ይመዘገባል እንጂ ክምችት ላይ አይወጣም። ስለዚህ ከላይ በሰንጠረዡ የገባው 200,500 ይህ ከወጣ በኋላ ያለው መሆን አለበት። ካልወጣ የምድጃው መቆም የአሃዱን ዋጋ ያንርና ጥፋቱ የመቶኛው ይመስላል።

ስብራት ካለ

ምድጃ ውስጥ የሚሰነጠቅ ሳህን ሁልጊዜ ይኖራል፤ በምሳሌው የተውኩት ሂሳቡ እንዳይጨናነቅ ነው። ስንጥቁ የሚታወቀው ከምድጃ በኋላ በሚደረገው ምርመራ ከሆነ፣ የተሰበረው በሁሉም ወጪ 100 በመቶ ደርሷል፤ በራሱ መስመር ላይ ይቆጠር። የተለመደው ስብራት ወጪ ያለቀውና ምርመራውን ያለፈው ሳህን ላይ ብቻ ይጨመር። ማድረቂያ ላይ ያለውና ምድጃ የሚጠብቀው ገና ምርመራው ጋ አልደረሰም፤ የዚህን ወር ስብራት የሚሸከምበት ምክንያት የለም። ከተለመደው በላይ የሆነው ስብራት ደግሞ ክምችት ውስጥ ሳይገባ በወሩ ወጪ ይሁን።

አሠራሩን ሲለውጡ የመክፈቻው ነገር

የመክፈቻው መቶኛ ስሌቱ ውስጥ አይገባም ብያለሁ፤ ብሩ ግን ይገባል፣ ስለዚህ የባለፈው ወር ስህተት በብሩ በኩል ይዞራል። ወደ አዲሱ አሠራር በሚዛወሩበት የመጀመሪያ ወር ሁለት ነገር ያጋጥምዎታል።

አንደኛው፣ መጽሐፍዎ ላይ የመክፈቻው የኮንቨርዥን ወጪ በአንድ መስመር ሊሆን ይችላል። በምሳሌው 17,225 ብር ነው። ይህን በ6.00 እና በ10.00 ንጽጽር ከፋፈሉት እንበል፤ ጉልበት 6,459፣ ኦቨርሄድ 10,766 ይሆናል። ይህ ያለቀ ሳህን ንጽጽር ነው። የመክፈቻው ምርት ግን ገና ምድጃ አልገባም ነበር፤ 2,000ው ማድረቂያ ላይ በግማሹ፣ 1,000ው ግሌዝ ተቀብቶ ነበር እንበል። የጉልበቱ አቻ አሃድ 1,950፣ የኦቨርሄዱ 530 ነበር። ስለዚህ በ1,950 ጊዜ 6.00 እና በ530 ጊዜ 10.00፣ ማለትም በ11,700 ለ5,300 ይከፋፈል። ጉልበት 11,855፣ ኦቨርሄድ 5,370 ይመጣል፤ ከትክክለኛው 11,715 እና 5,510 የሚርቀው በ140 ብር ብቻ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ቢሄዱ የወሩ የኦቨርሄድ ዋጋ ለአንድ አሃድ በ27 ሳንቲም ያህል ያለአግባብ ይነሳል፣ የጉልበቱ ደግሞ በ24 ሳንቲም ያህል ይወርዳል።

ሁለተኛው፣ የመክፈቻው ድምር ራሱ በ60 በመቶ የተሠራ ከሆነ ተጋንኗል፣ የተጋነነውንም ወጪ የመጀመሪያው ወር ይሸከማል። የባለፈውን ወር የቦታ ቆጠራ ካገኙ መዝጊያውን በአዲሱ ሰንጠረዥ ደግመው ይሥሩና ልዩነቱን ይወቁ። በዓመቱ ውስጥ ከሆነ በማስተካከያ መዝገብ ይታረማል። የዞረው ከተዘጋ የሂሳብ ዓመት ከሆነ ግን መጠኑን ከኦዲተርዎ ጋር ይመልከቱት፤ በእጅ የነበረ መረጃን ባለመጠቀም የመጣ ከሆነና ልዩነቱ ጉልህ ከሆነ እንደ ግምት ለውጥ ወደፊት ብቻ የሚታይ ሳይሆን እንደ ስህተት ያለፈውን ዓመት ቁጥር የሚያስተካክል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሲባል የቆጠራ ቅጾቹን፣ የምድጃ መሙያ ሰዓቱንና የነዳጅ ቆጣሪውን ንባብ ከወሩ ሥራ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ።